ሁለቱም «የኔ ይቅደም» ሲሉ

ደሴ ላይ ቢሮ ያለው አንድ የምግብ ዋስትና ፕሮጀክት እናስብ። ለዚህ ጽሑፍ የተፈጠረ ምሳሌ ነው፤ በእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል። በፕሮጀክቱ ውስጥ አንዲት የክትትልና ግምገማ ባለሙያ አለች። በድርጅቱ የመዋቅር ሥዕል ላይ ከሥራ መደቧ ሁለት መስመሮች ወደ ላይ ይወጣሉ። ድፍኑ መስመር የሚደርሰው ደሴ ተቀምጦ ፕሮጀክቱን ከሚመራው አስተባባሪ ዘንድ ነው። ፈቃድ የሚሰጣት፣ መኪና የሚመድብላት፣ የውሎ አበሏን የሚፈርምላት እሱ ነው። ሁለተኛው በነጠብጣብ የተሠመረው፣ ቢሮ ውስጥ «ዶትድ ላይን» የሚባለው፣ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ወዳለው የክትትልና ግምገማ ሥራ አስኪያጅ ይሄዳል። መጠይቅ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ መረጃ እንዴት እንደሚጠራ፣ ለለጋሹ የሚላከው ሰንጠረዥ ምን እንደሚመስል የሚወስነው ደግሞ እሱ ነው።

ሰኞ ሰኔ 16 ጠዋት የደሴው አለቃ ያስጠራታል። የስንዴ ዘር ለገበሬዎች ተከፋፍሏል፤ ክረምቱም ገብቷል። ዘሩ ዝርዝሩ ላይ ለሰፈሩት ቤተሰቦች መድረሱን፣ ክብደቱም የተባለውን ያህል መሆኑን ቤት ለቤት ሄዳ እንድታጣራ ይፈልጋል። መኪናው ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ተይዟል፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ፕሮጀክት ይሄዳል። «በሚቀጥለው ሳምንት ብትሄጂ ዘሩ መሬት ገብቷል፤ ምኑን ታያለሽ?» ይላታል። እውነቱን ነው።

ረፋዱ ላይ የአዲስ አበባው ይደውላል። ባለፈው ወር ከ360 ቤተሰቦች የተሰበሰበው መጠይቅ ተጣርቶ፣ የ12 አመልካቾች ሰንጠረዥ ተሠርቶ እስከ ሰኞ ሰኔ 23 እንዲደርሰው ይፈልጋል። ሰኔ 23 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 30 ነው፤ የለጋሹ ሩብ ዓመት የሚዘጋበት ቀን። እሱም እውነቱን ነው።

የመስኩ ሥራ አራት ቀን ይፈጃል። የመረጃ ማጥራቱም አራት ቀን። እስከ ዓርብ ያላት አምስት የሥራ ቀን ብቻ ነው። ባለሙያዋ ግን ለሁለቱም «እሺ» አለች።

በየቢሮው ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። ለአለቃ «አይሆንም» ማለት ነውር ይመስላል፤ ይሉኝታ አለ፤ አለቃው ደግሞ ስለ ሌላው አለቃ ትእዛዝ መስማት እንደማይፈልግ ይታወቃል። ስለዚህ ሁለት እሺታ ተሰጥቶ፣ ግጭቱ ከሁለቱ አለቆች ጠረጴዛ ተነሥቶ በአንድ ሠራተኛ ጫንቃ ላይ ያርፋል። እስከ ዓርብ ማታም ማንም አያየውም። በእኔ እምነት በሁለት አለቃ ሥር የመሥራት ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። አለቆቹ የተለያየ ነገር መፈለጋቸው አይደለም ችግሩ፤ መዋቅሩ የተሠራው እንዲለያዩ ታስቦ ነው። ችግሩ መለያየታቸውን አንዱ ከሌላው አለመስማቱ ነው።

መዋቅሩ ለምን እንዲህ ተሠራ? የአስተዳደር ሳይንስ አባት ከሚባሉት አንዱ ፈረንሳዊው ሄንሪ ፋዮል በ1916 ባሳተመው ሥራው አንድ ሠራተኛ ትእዛዝ መቀበል ያለበት ከአንድ አለቃ ብቻ ነው ብሎ እንደ መርሕ አስቀምጦ ነበር። ለብዙ ዓመታትም መሥሪያ ቤት የሚደራጀው በዚሁ ልክ ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ግን የአሜሪካ የአውሮፕላንና የጠፈር መንኮራኩር ፋብሪካዎች ከባድ ጣጣ ገጠማቸው። መንግሥት ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት በጊዜና በገንዘብ የሚጠየቅ አንድ ኃላፊ ይፈልጋል። ፋብሪካዎቹ በበኩላቸው የሞተር፣ የኤሌክትሮኒክስና የብረታ ብረት መሐንዲሶቻቸውን በየፕሮጀክቱ ቢበትኗቸው ሙያው ይላላል። መፍትሔ ያሉት መሐንዲሱን ለሁለት ማካፈል ነበር፤ በሙያው ለክፍሉ ኃላፊ፣ በሥራው ለፕሮጀክቱ ኃላፊ ተጠሪ አደረጉት። ቋሚና አግዳሚ መስመር እንዳለው ሰንጠረዥ ስለሚመስል ማትሪክስ ተባለ። 

እኛ አገር በዚህ ስም ባይጠራም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በአስተዳደር ለወረዳው ተጠሪ ነው፤ የሙያ መመሪያ ግን ከዞንና ከክልል ይወርድለታል። ወረዳው «ሁሉም ሠራተኛ ለንቅናቄ ይውጣ» ሲል ዞኑ «የክትባት ሪፖርት ዛሬ ይግባ» ይላል። በየባንኩ ቅርንጫፍም የብድር ወይም የቁጥጥር ባለሙያው ከሥራ አስኪያጁ ሌላ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚጠብቀው ክፍል አለው። በእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ ደግሞ ለጋሽና ፕሮጀክት በበዛ ቁጥር ሁለት አለቃ ያለው ሰው ይበዛል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማየት ይጠቅማል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ካንና ባልደረቦቹ በ1964 ባሳተሙት ጥናት በሥራ ላይ ሰውን የሚያስጨንቁ ሁለት ነገሮችን ለይተው አሳይተዋል። አንዱ ከአንተ የሚጠበቁት ነገሮች እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። ሌላው ከአንተ ምን እንደሚጠበቅ ጭራሹን ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ስሜታቸው ይመሳሰላል፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ሁለተኛው በጥያቄ ይፈታል። አንደኛው በጥያቄ ብቻ አይፈታም፤ የሚወስን ሰው ይፈልጋል። ሁለት አለቃ ያለው ሠራተኛ «ተጋጩብኝ» ሲል ግን ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ማለትም ገና ያልጠየቀው ነገር አለ።

ባለሙያችንም ያልጠየቀችው ነገር ነበር። «እስከ ሰኔ 23» ሲባል ቀኑን ተቀበለች እንጂ ቀኑ ምን ላይ እንደቆመ አላወቀችም። ስለዚህ ከሻይ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መልሳ ደወለች እንበል። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰንጠረዡ ሰኔ 23 ሲደርስዎ ምን ላይ ይውላል?» መልሱ ብዙ ነገር ያወጣል። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ለለጋሹ የሚገባው ሩብ ዓመቱ ከተዘጋ ከ30 ቀን በኋላ፣ ማለትም ሐምሌ 23 ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰኔ 23 ያለው የአራት ቢሮዎችን ሰንጠረዥ አንድ ላይ ለማያያዝ ጊዜ እንዲተርፈው ነው። የምር የሚያስጨንቀው ማክሰኞ ሰኔ 24 ከለጋሹ ተወካይ ጋር ያለው ስብሰባ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልጉት ከ12ቱ አመልካቾች ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ይህ ለምሳሌው እንዲመች የተቀባባ ነገር አይደለም። አለቆች ቀን ሲሰጡ ለራሳቸው መጠባበቂያ ጨምረው ይሰጣሉ፤ እሱ ላይ ደግሞ ሠራተኛው የራሱን ፍርሃት ይጨምርበታል። ለዚህ ነው ቀኑን ለማስለወጥ ከመከራከር በፊት ቀኑ ለምን እንደተቆረጠ መጠየቅ የሚሻለው። «ይራዘምልኝ» የሚል ሠራተኛ ሰነፍ ሊመስል ይችላል፤ «ምን ላይ ይውላል?» የሚል ግን ሥራውን ሊያስብበት የፈለገ ነው የሚመስለው።

ያንኑ ጥያቄ ወደ ደሴውም መውሰድ አለባት። እዚህ መልሱ የተለየ ነው። ቀኑን የቆረጠው ሰው ሳይሆን ዝናቡ ነው። ዘሩ ከተዘራ በኋላ የሚቀረው ገበሬውን «ስንት ኪሎ ደረሰህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው፤ በሚዛን ማረጋገጥ አይቻልም። ታዲያ ሌላ ሰው ይሂድላት? የልማት ጣቢያ ሠራተኞቹ እዚያው ናቸው፤ ሚዛንም አያጡም። ግን ዘሩን ያከፋፈሉት እነሱ ናቸው፤ ያከፋፈለ ሰው ራሱን ሊያጣራ አይችልም። ስለዚህ የመስኩ ሥራ በቀኑም በሰውም ጠንካራ ነው፤ የአዲስ አበባው ግን አንድ ክፍሉ ጠንካራ፣ ሌላው ልል ሆኖ ተገኘ።

አሁን በእጇ ያለው ነገር ጠዋት ከነበረው የተለየ ነው። ጠዋት ስምንት ቀን የሚፈጅ ሥራ በአምስት ቀን ነበር። አሁን ከአራቱ የማጥራት ቀናት አንዱ ለሦስቱ አመልካቾች ይበቃል፤ ያንን ዛሬ ሰኞ ትጀምራለች፤ ሦስቱ ቀናት ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሻገራሉ። ሆኖም ይህንን ራሷ ወስና ዝም ብላ ብታደርገው ተሳስታለች። ሥራው የሚዘገይበት ሰው መዘግየቱን መስማት ያለበት ከመዘግየቱ በፊት ነው። ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ኢሜይል ትጽፋለች። ለየብቻ ሁለት ኢሜይል፣ ወይም ለአንዱ ጽፎ ለሌላው በግልባጭ አይደለም፤ የሁለቱም ስም ተቀባይ በሚለው ቦታ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ግልባጭ የተደረገለት አለቃ «ለማወቅ ያህል» ስለሚመስለው አይመልስም፤ አንዳንዴም ይቀየማል። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ሳምንት ከሁለታችሁም አንድ አንድ ሥራ ታዝዣለሁ። የዘር ስርጭት ማጣራቱ ከማክሰኞ ሰኔ 17 እስከ ዓርብ ሰኔ 20 አራት ቀን ይፈልጋል። መኪና ያለው በእነዚህ ቀናት ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዘሩ ስለሚዘራ ማጣራት አይቻልም። የ360ው መጠይቅ ማጥራትና የ12ቱ አመልካቾች ሰንጠረዥም አራት ቀን ይፈልጋል፤ የተጠየቀው እስከ ሰኞ ሰኔ 23 ነው። ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ በተባለው ቀን ማድረስ አልችልም። ሐሳቤ የሚከተለው ነው። ለሰኔ 24ቱ ስብሰባ የሚያስፈልጉትን ሦስት አመልካቾች ዛሬ አጥርቼ፣ አንድ ጊዜ ካመሳከርኩ በኋላ ሰኞ ሰኔ 23 ረፋድ ላይ እልካለሁ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ መስክ እሆናለሁ። የቀሩትን ዘጠኝ አመልካቾች ሐሙስ ሰኔ 26 አስረክባለሁ፤ ሦስት ቀን ይዘገያሉ ማለት ነው። ሌላ አካሄድ ይሻላል ካላችሁ ዛሬ እስከ 8 ሰዓት ተነጋግራችሁ ብታሳውቁኝ በዚያው መሠረት እሠራለሁ።»

ደብዳቤው ማንንም አይከስም። «ሁለታችሁ እየተጣላችሁ እኔን» የሚል ስሜት የለበትም። ሠራተኛዋ ምን ያህል እንደደከመችም አይናገርም፤ ድካሟ እውነት ቢሆንም ለውሳኔው አይጠቅምም። የሚጠቅመው እያንዳንዱ ምርጫ ምን እንደሚያስከፍል ነው፤ ዘጠኝ አመልካች ሦስት ቀን ይዘገያል፣ ወይም የዘሩ ማጣራት ጨርሶ ይቀራል። ከዚያም የራሷ ሐሳብ አለ። ሐሳብ የሌለው ደብዳቤ፣ «ምን ላድርግ?» ብሎ የሚያበቃው፣ ሁለት ሥራ የበዛባቸውን ሰዎች ከዜሮ እንዲያስቡ ስለሚያስገድድ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል። ሐሳብ ያለው ግን «እሺ» በሚል አንድ ቃል ያልቃል።

የደብዳቤው ሰዓትም ወሳኝ ነው። ሰኞ ረፋድ የተላከ ኢሜይል ጥያቄ ነው። ይኸው ኢሜይል ሐሙስ ማታ ቢላክ ሰበብ ይሆናል። መኪናው ወጥቶ፣ ስብሰባው ደርሶ፣ አለቆቹ ሊለውጡት የሚችሉት ነገር ሳይኖር የሚደርስ ማሳሰቢያ ከዝምታ የሚሻለው በጥቂቱ ነው።

አንዱ መልሶ ሌላው ዝም ቢልስ? ይህ ከሁሉ የሚበዛው አጋጣሚ ሳይሆን አይቀርም። የደሴው በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ጥሩ ነው» ይላል፤ የአዲስ አበባው ስብሰባ ላይ ነው። ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጥሮ መሄድ ያጓጓል፤ ኢሜይሉም «እስከ 8 ሰዓት» ይላል። ግን የሩቁ አለቃ ዝም ያለው ስላልተቃወመ ነው ወይስ ስላላነበበው? ይህን ሳያረጋግጡ መኪና ላይ መውጣት አይገባም። ስልክ መደወል፣ ካልተነሣ አጭር የቴሌግራም መልእክት መተው፣ ቢሮው ውስጥ ያለ የሥራ ባልደረባን ጠይቆ መቼ እንደሚመለስ ማወቅ፤ ይህን ሁሉ ለማድረግ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ያም ሆኖ ካልተገኘ የድፍኑ መስመር አለቃ ቃል ይጸናል፤ ድፍን የተባለውም ለዚህ ነው። ስምምነት በስልክ ከተደረሰም ከስልኩ በኋላ «በተነጋገርነው መሠረት» ብሎ ሁለት መስመር ለሁለቱም መጻፍ ያስፈልጋል። ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም የሚያስታውሰው ለራሱ የሚመቸውን ነው።

እስካሁን ያየነው ስለ ቀን ነው። ሌላ ዓይነት ግጭት ደግሞ አለ፤ ከላይ ሲያዩት ስለ ቀን ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ማክሰኞ ማታ የደሴው አለቃ ይደውልና «መንገዱ ጭቃ ነው፤ ናሙና ውስጥ የገቡትን ራቅ ያሉ ቤቶች ተያቸውና ከመንገድ ዳር ያሉትን 60 ቤቶች አጣሪ፤ ቁጥሩ እስከሞላ ድረስ ምን ችግር አለው?» ይላል። ችግር አለው። ከመንገድ ዳር ያለ ቤት ዘሩ ቀድሞ የሚደርሰው፣ ከቀበሌው ሊቀመንበርም የማይርቅ ነው። ዘር ያልደረሰው ሰው ካለ የሚገኘው አቀበቱ ላይ ነው። ከመንገድ ዳር ብቻ የተሰበሰበ 60 ቤት ስርጭቱ ፍጹም እንደነበር ይመሰክራል፤ ምስክርነቱም ባዶ ነው።

ይህ «የማን ሥራ ይቅደም» የሚል ጥያቄ አይደለም። ሥራው እንዴት ይሠራ የሚል ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ቃሉ የሚጸናው የነጠብጣቡ መስመር አለቃ ነው። የሁለት አለቃ መዋቅር ትርጉም የሚኖረው ይህ ክፍፍል ሲከበር ነው። ምን ይሠራ፣ መቼ ይሠራ፣ በየትኛው መኪናና በጀት የሚለው የፕሮጀክቱ ነው። በምን ዘዴ፣ በምን ጥራት የሚለው የሙያው ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ የምትመልሰው «ዘዴውን መቀየር የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ የአዲስ አበባውን አማክሬ ልመለስ» ነው። የቤቶቹን ቁጥር ከ60 ወደ 45 መቀነስ ይቻል ይሆናል፤ ሁለት ቀበሌ ብቻ መምረጥም ይቻል ይሆናል። ይህን ግን የሚለው ስለ ናሙና የሚጠየቀው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንደ ተራ የቀን ግጭት ቆጥሮ «ለቅርቡ አለቃ እሺ» ማለት ከሁሉ የከፋው ስህተት ይመስለኛል፤ የዘገየ ሰንጠረዥ ይደርሳል፣ የተበላሸ መረጃ ግን ሪፖርት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያወጣው የለም።

በተቃራኒው በኩል ያለውንም ብልጠት ሳልጠቅስ አላልፍም። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት የሥራ መመሪያው ያደረገ ሠራተኛ አለ። የመስክ ሥራ ሲሰለቸው «አዲስ አበባ ሪፖርት ጠይቆኛል» ይላል፤ ሪፖርቱ ሲከብደው «መስክ ነበርኩ» ይላል። አንዱ አለቃ የከለከለውን ፈቃድ ከሌላው ይጠይቃል። ይህ አንድ ሁለት ጊዜ ይሠራል። አለቆቹ አንድ ቀን በስልክ ሲገናኙ ግን ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ግጭት ሲገጥመውም የሚያምነው አይኖርም።

አለቆቹ ራሳቸው የማይነጋገሩ ከሆነስ? ምልክቱ ቀላል ነው። መልእክቶቻቸው በአንቺ በኩል መጓዝ ይጀምራሉ። «ለእሱ ንገሪው፣ የእኔ ፕሮጀክት የእሱ መለማመጃ አይደለም» የሚል ቃል ከደሴ ይወጣል፤ ከአዲስ አበባም ተመጣጣኝ መልስ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ቃል ማድረስ አይገባም፤ ለስልሶም ቢሆን። «ይህን በቀጥታ ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ ከፈለጉ ሦስታችን የምንገናኝበትን ሰዓት እኔ አመቻቻለሁ» ማለት ይበቃል። የሦስቱን ስልክ አንድ ላይ ማገናኘት ከባድ አይደለም፤ አብዛኞቹ አለቆችም ሌላው እየሰማ «የሱ ሥራ ይቅር» ለማለት አይደፍሩም። ይህ ብቻውን ብዙ ነገር ያረግባል።

ካልረገበ ቀጣዩ በር የሁለቱም የበላይ የሆነው ሰው ነው፤ በዚህ ምሳሌ የፕሮግራም ዳይሬክተሩ። እሱ ዘንድ ግን በአንድ ሳምንት ብሶት አይኬድም። ሁለቱን አለቆች ሳያሳውቁም አይኬድም። ይዞ የሚኬደው መዝገብ ነው። ቀኑ፣ ሁለቱ ትእዛዞች፣ ማን እንደወሰነ፣ ለውሳኔው ስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ምን ሥራ እንደቀረ፤ እያንዳንዱ በአንድ መስመር። የሦስት ወር እንዲህ ያለ መዝገብ ሲታይ ጠብ ነው ተብሎ የታሰበው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ለምሳሌ ግጭቶቹ ሁሉ በሩብ ዓመት መዝጊያ ሳምንት ላይ የተከመሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ ጥያቄው የሰዎች መሆኑ ቀርቶ የዕቅድ ይሆናል፣ የመስክ ጉዞው ከዚያ ሳምንት አስቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንዲታቀድ ይደረጋል።

ዳይሬክተሩ ፊት ሁለት ወረቀቶችም አብረው ቢቀርቡ ይረዳሉ። አንዱ የጊዜ መመዝገቢያው፣ «ታይምሺት» የሚባለው ነው። የባለሙያችን ደመወዝ 60 በመቶው ከፕሮጀክቱ፣ 40 በመቶው ከዋናው መሥሪያ ቤት በጀት የሚከፈል ነው እንበል። 22 የሥራ ቀን ባለው ወር ይህ ወደ 13 ቀንና ወደ 9 ቀን ይመጣል። የደሴው አለቃ በወሩ 18 ቀን ወስዶ ከሆነ ጉዳዩ የስሜት ሳይሆን የሒሳብ ነው፤ ለጋሽ በከፈለበት ሰዓት ሌላ ሥራ መሠራቱ በኦዲት ጊዜም ያስጠይቃል። ሁለተኛው ወረቀት የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጹ ነው። ቅጹ ላይ የሚፈርመው የደሴው ብቻ ከሆነ የአዲስ አበባው ሥራ ሁልጊዜ እንደሚሸነፍ ማንም ሊገምተው ይችላል። ሠራተኛ የሚሠራው ነጥብ ለሚሰጠው ሰው ነው፤ ይህን ክፋት ነው ብዬ አልወቅሰውም። መመዘኛው ላይ ሁለተኛው አለቃም የሚሞላው ክፍል እንዲኖር መጠየቅ ያለበት ዓመቱ ሲጀመር፣ ዕቅድ ሲፈረም ነው። ሰኔ ላይ፣ ምዘናው ሲደርስ የሚነሣ ጥያቄ የነጥብ ልመና ይመስላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይቃና መዋቅር አለ። ኤቢቢ የተባለው ግዙፍ የስዊድንና የስዊዘርላንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ኩባንያ በ1988 ከተመሠረተ ጀምሮ በፐርሲ ባርኔቪክ መሪነት የማትሪክስ ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። የአንድ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ በአንድ በኩል ለአገሩ ኃላፊ፣ በሌላ በኩል በመላው ዓለም ለምርቱ ዓይነት ኃላፊ ተጠሪ ነበር። ባርኔቪክን የተካው አመራር በ1998 ያንን መዋቅር አፍርሶ ለምርት ዘርፎቹ አደላ። እንዲያ ያለ ኩባንያ ያልቻለውን አንዲት የደሴ ባለሙያ በጥሩ ኢሜይል ታቃናለች ብሎ መጠበቅ አይገባም። እሷ ማድረግ የምትችለው ግጭቱ በሚወስኑት ሰዎች ፊት በጊዜው እንዲታይ ነው። መወሰኑ የእነሱ ነው፤ ካልወሰኑም አለመወሰናቸው በመዝገቡ ላይ ይታያል።

ከዳይሬክተሩ ጋር ከሚደረገው ውይይት ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ነገር ታዲያ አዲስ መዋቅር ሳይሆን በሥራ መዘርዝሯ ላይ የሚጨመር አንድ አንቀጽ ነው፤ «በሁለቱ ኃላፊዎች መመሪያ መካከል የጊዜ ግጭት ሲፈጠር ሠራተኛዋ በአንድ ጽሑፍ ለሁለቱም ታሳውቃለች፤ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ካልተስማሙ የፕሮግራም ዳይሬክተሩ ይወስናል፤ ስለ መረጃ አሰባሰብ ዘዴና ጥራት የክትትልና ግምገማ ሥራ አስኪያጁ ውሳኔ የመጨረሻ ነው።» እንዲህ ያለ አንቀጽ የሌለው የሥራ መዘርዝር ላይ ሊፈርም የተዘጋጀ ሰው ከመፈረሙ በፊት እንዲገባለት ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ከተቀጠረ በኋላ ለማስገባት የሦስት ወር መዝገብ ያስፈልገዋል።